አስራ ሁለት ወንበር ስንት ስኒ ይሸጣል?

አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ ካፌ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ሂሳቡን የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከማሽኑ ነው። ማሽን ስንት ገባ? ኪራዩስ? አንድ ማኪያቶ ስንት ይሸጣል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ወንበሩ ግን የሚታሰበው መጨረሻ ላይ፣ ቤቱ ታድሶ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው። «ስንት ሰው ይይዛል?» ተብሎ በዓይን ይለካና ጠረጴዛ ይታዘዛል። ይህ በዓይን የተለካ ነገር ቤቱ ወጪውን መሸፈን አለመሸፈኑን ሊወስን እንደሚችል የሚታወቀው ሥራው ከተጀመረ ወራት ካለፉ በኋላ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይሻላል። ከዋናው አስፋልት አንድ መታጠፊያ ገባ ብሎ፣ ቢሮዎች በበዙበት ሰፈር፣ 4 ሜትር ፊት ለፊትና 6 ሜትር ወደ ውስጥ ያለው ሱቅ ተገኝቷል እንበል። በጠቅላላው 24 ካሬ ሜትር ነው። ወር በገባ ቁጥር ኪራዩ 40,000 ብር፣ ቅድሚያ ክፍያው የስድስት ወር። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ሁሉ ለስሌቱ የተያዙ ናቸው። ሰፈር ሲቀየር፣ ወር ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል፤ የስሌቱ አካሄድ ግን ያው ነው።

መነሻ ወጪው የሚጀምረው ከስድስት ወር ኪራይ ነው፦ 240,000 ብር። ቀጥሎ ማሽን ይመጣል። ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር በላይ ስለወጣ፣ ከጣሊያን የሚመጣ አዲስ ማሽን ለብዙ ጀማሪ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ያገለገለ ባለ ሁለት እጅ ማሽን ከነመፍጫው 450,000 ብር ይያዝለት። ለእድሳት፣ ማለትም ለባንኮኒ፣ ለውሃ መስመር፣ ለመብራት ዝርጋታ፣ ለሴራሚክና ለቀለም 220,000 ብር ይሄዳል። ፍሪጅ፣ ስኒ፣ የወተት ማፍያ፣ ትሪና ሌላ ሌላው ዕቃ 100,000 ብር፣ ጠረጴዛና ወንበር 60,000 ብር፣ ፈቃድ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽንና ታፔላ 60,000 ብር፣ የመክፈቻ ቡና፣ ስኳርና ወተት 40,000 ብር። ሲደመር 1,170,000 ብር ይሆናል።

ብዙ ዕቅድ እዚህ ላይ ይቆማል። በሩ ተከፍቶ፣ ፈንድሻ ተበትኖ፣ ዘመድ ወዳጅ ለአንድ ሳምንት ሲመላለስ ገንዘቡ በቂ ይመስላል። ዘመድ መምጣቱን ሲያቆምና እውነተኛው ደንበኛ ገና ሰፈሩን ሲለማመድ ግን ደሞዝና መብራት ሰው አይጠብቁም። ኪራዩ አስቀድሞ ስለተከፈለ፣ የሌላውን ወጪ ሦስት ወር የሚያስኬድ 180,000 ብር ከመነሻው ለብቻ መቀመጥ አለበት። ጠቅላላው 1,350,000 ብር ደረሰ ማለት ነው። ይህን መጠባበቂያ ሴራሚኩን ለማሳመር ያዋለ ሰው ባዶ ኪስ በሚሆንበት በሁለተኛው ወር ወተት በዱቤ መውሰድ ይጀምራል፤ በዱቤ የሚወስድ ደግሞ የሰጡትን ወተት ይቀበላል እንጂ አይመርጥም።

አሁን ወደ ወርሃዊው ወጪ። አንድ ስኒ ተሸጠ አልተሸጠ የማይቀረው ይህ ነው፦ ኪራይ 40,000፣ ማሽን ላይ ለሚሠራው 12,000፣ ለአስተናጋጅና ለዕቃ አጣቢ ለእያንዳንዳቸው 6,000፣ ከአሠሪው የሚወጣው 11 በመቶ ጡረታ ሲጨመር የሠራተኛው ወጪ ወደ 26,600 ብር ይጠጋል። መብራት፣ ውሃና ቆሻሻ 8,000፣ ጥገናና የሚሰበር ስኒ 4,000፣ ሂሳብ ሠራተኛና ልዩ ልዩ 3,500። ባለቤቷ ቀኑን ሙሉ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ስትውል ለራሷ 18,000 ብር መያዝ አለባት። ይህን የሚዘል ብዙ ነው፤ ከሳጥኑ እያነሳ የሚኖር ሰው ግን ያተረፈ ይመስለዋል እንጂ ደሞዙን እየበላ ነው። በመጨረሻም ማሽኑ በአምስት ዓመት ያረጃል ተብሎ በየወሩ 7,500 ብር ይቀመጥለታል። ሁሉም ተደምሮ 108,000 ብር ገደማ ነው።

ከአንድ ማኪያቶ ምን ይቀራል? የሚሸጠው 60 ብር ነው እንበል። ለአንድ ስኒ 8 ግራም ቡና ይፈጫል። ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል፤ ኪሎውን በ700 ብር የገዛ ሰው ተቆልቶ የሚያገኘው 820 ግራም ገደማ ነውና፣ የመቁያው ዋጋ ሲጨመር የተቆላው ኪሎ 900 ብር ይደርስበታል። ጠዋት መፍጫው እስኪስተካከል የሚደፋው ሁለት ሦስት ስኒም ይቆጠራል። በዚህ ሁሉ ለአንድ ስኒ ቡናው 8 ብር፣ ወተቱ 9 ብር፣ ስኳር፣ ሶፍትና ማጠቢያ 3 ብር፣ በድምሩ 20 ብር ይሆናል። ከ60 ላይ 20 ሲነሳ 40 ብር ይተርፋል። 108,000 ለ40 ሲካፈል 2,700 ስኒ ነው። እሑድ ተዘግቶ ወሩ 26 የሥራ ቀን ካለው፣ በቀን 104 ስኒ ሲሸጥ ቤቱ ሳይከስር ሳያተርፍ ያድራል።

ይህ ስሌት ስህተት አለበት፤ የሚያስከፋው ደግሞ በብዙ ዕቅድ ላይ የሚገኘው ስህተት መሆኑ ነው።

ሽያጩ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ የሚያበቃ መጠን ላይ ከደረሰ፣ ደንበኛው ከከፈለው 60 ብር ውስጥ የታክሱ 15 በመቶ አለበት። 60 ለ1.15 ሲካፈል ቤቱ የሚያገኘው 52 ብር ብቻ ነው። በእርግጥ ለዕቃ ግዥ የተከፈለ ታክስ በደረሰኝ ይቀናነሳል፤ ወተቱ ከሰፈር ላም አርቢ፣ ቡናው ደግሞ ያለ ደረሰኝ ከተገዛ ግን የሚቀናነስ ነገር የለም። ስለዚህ ከአንድ ማኪያቶ የሚተርፈው 40 ሳይሆን 32 ብር ነው። ወጪ ለመሸፈን የሚያስፈልገው ደግሞ በቀን 130 ስኒ።

ሌላም አለ። የሚገባው ሰው ሁሉ ማኪያቶ አያዝም። ከአራቱ አንዱ ሻይ ቢያዝ፣ ሻዩ 25 ብር ከሆነ፣ ታክሱና ወጪው ተነስቶ የሚተርፈው 17 ብር ገደማ ነው። ባለ ሻዩ ከባለ ማኪያቶው ያነሰ ጊዜ አይቀመጥም፤ እንዲያውም ጋዜጣ የሚያነበው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ከአንድ ደንበኛ በአማካይ 28 ብር ከሩብ ይተርፋል። አሁን ቁጥሩ በቀን 147 ደንበኛ ደርሷል። ከ104 ወደ 147 ለመድረስ አንድም ያልታሰበ ወጪ አልመጣም፤ የነበረው ሂሳብ ተስተካከለ እንጂ።

147 ሰው የት ይቀመጣል?

ከ24 ካሬው ባንኮኒው፣ ከኋላው ሠራተኛው የሚንቀሳቀስበት፣ የዕቃ ማጠቢያው፣ ፍሪጁና የስኳር ጆንያው የሚቀመጥበት 9 ካሬ ሜትር ይወስዳሉ። በቀረው 15 ካሬ ላይ መተላለፊያው ተጨምሮ ለአንድ ተቀማጭ 1.2 ካሬ ሜትር ያህል ቢያዝ 12 ወንበር ይገባል። አስራ አራትና አስራ ስድስት ማስገባት ይቻላል፤ አስተናጋጁ ትሪ ይዞ ሲያልፍ ግን ሰው ሁሉ ወንበሩን መሳብ ይኖርበታል፤ ደንበኛም ትከሻው ሁለት ጊዜ ከተነካ ሦስተኛ ቀን ሌላ ቦታ ይቀመጣል።

አስራ ሁለት ወንበር ማለት አስራ ሁለት ደንበኛ ማለት አይደለም። ባለ አራት ሰው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጓደኛሞች ከተቀመጡ የቀሩት ሁለት ወንበሮች ብዙውን ጊዜ ባዶ ይውላሉ። «ወንበሩ ሰው አለው?» ብሎ የሚጠይቅ አለ፤ ይዞት ወደ ሌላ ጠረጴዛ የሚሄድ ግን ይበዛል። በዚህ ምክንያት ሦስት ባለ አራት ጠረጴዛ ከማድረግ ስድስት ባለ ሁለት፣ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ጠረጴዛዎች ማድረግ ይመረጣል፤ ቡድን ሲመጣ ሁለቱን ማጋጠም ነው። እንዲህም ሆኖ በግፊያ ሰዓት ከወንበሩ 70 በመቶው ቢያዝ ጥሩ ነው። ይህም ስምንት ተኩል ሰው ገደማ ማለት ነው።

የቢሮ ሰፈር ካፌ የሚሞላባቸው ሰዓታት ይታወቃሉ፦ ጠዋት ከ1 እስከ 3፣ ከምሳ በኋላ ከ6:30 እስከ 8፣ ማታ ከ10:30 እስከ 12:30። በድምሩ አምስት ሰዓት ተኩል። አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ቢቆይ እያንዳንዱ ወንበር በሰዓት ሁለት ሰው ያስተናግዳል። በሰዓት 17 ሰው፣ በአምስት ሰዓት ተኩሉ 92 ሰው ገደማ ማለት ነው። በቀሩት ሰባት ሰዓታት ሩቡ ወንበር ብቻ ይያዛል፤ የሚቀመጠውም 40 ደቂቃ የሚቆይ ነው፤ ከዚያ 32 ሰው ቢገኝ ነው። የቀኑ ድምር 124።

የሚያስፈልገው 147 ነበር። ሰው ከደጅ ቆሞ ወንበር እስኪለቀቅ የሚጠብቅበት፣ ሰፈሩ ሁሉ «ይሄ ቤት ቀንቶታል» የሚለው ካፌ በየቀኑ የ23 ሰው ጉድለት እየተሸከመ ያድራል። በብር በወር 17,000 ገደማ ይሆናል። ሙሉ የሚመስል ቤት የሚዘጋበት ምክንያት ግራ የሚያጋባቸው ሰዎች ያላዩት ይህን ነው፤ ደንበኛ አልጠፋም፣ ቀኑን ሙሉ የሚሸጠው ስኒ በወንበሩ ልክ ተወስኖ ቀርቷል እንጂ።

መፍትሔው ትልቅ ማሽን ነው ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። ባለ ሁለት እጅ ማሽን ላይ እጁ የተፍታታ ሠራተኛ በደቂቃ አንድ ማኪያቶ ገደማ ያወጣል፤ በሰዓት 60 ማለት ነው። አስራ ሁለት ወንበር ግን በሰዓት የሚጠይቀው 17 ብቻ ነው። ለዚህ ቤት ባለ ሦስት እጅ ማሽን መግዛት ገንዘብ ብረት ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ለመብራት መስመሩም ተጨማሪ ወጪ አለው።

ፒያሳ የሚገኘው ቶሞካ ለዚህ ጥያቄ የሰጠውን መልስ ብዙ አዲስ አበቤ ሳያስተውለው በእጁ ስኒ ይዞ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተው ይህ ቤት ደንበኛውን የሚያስተናግደው ከፍ ባሉ ጠረጴዛዎች ዙሪያ አቁሞ ነው። የቆመ ሰው ቡናውን ጠጥቶ፣ ሁለት ቃል ተነጋግሮ ይሄዳል። ልማዱ ከጣሊያን የመጣ ነው፤ እዚያ በብዙ ከተሞች ባንኮኒ ላይ ቆሞ የሚጠጣና ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሰው የሚከፍሉት ዋጋ ሳይቀር ይለያያል።

በምሳሌው ቤት ከበሩ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ 2.4 ሜትር ርዝመት፣ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው እንጨት ከመሬት 1.1 ሜትር ከፍ ብሎ ቢመታ፣ ለአንድ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር ሲያዝ አራት ሰው ያቆማል። ወንበር አይነሳለትም። አንዱ ቆሚ 10 ደቂቃ ቢቆይ አራቱ ቦታ በሰዓት እስከ 24 ሰው ሊያስተናግድ ይችላል። ሲሶው ብቻ ተጠቀመበት ብንል እንኳ በሰዓት 8፣ በግፊያ ሰዓታቱ 44 ሰው ነው። ድምሩ 168 ደረሰ። ቤቱ ከጉድለት ወጥቶ በቀን 21 ሰው ተረፈው፤ ከትርፍ ግብር በፊት በወር 15,400 ብር ገደማ። አንዲት ጣውላ ናት ይህን ያደረገችው። እርግጥ ሁሉም ሰፈር ቆሞ አይጠጣም። መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ሰው ወደ ካፌ የሚመጣው ለመቀመጥ ነው፤ እዚያ ጣውላው የስኒ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል። ቢሮና ታክሲ ተራ አጠገብ ግን ይሠራል።

ወንበር የማይፈልግ ሌላም ደንበኛ አለ፤ ቢሮው ውስጥ የተቀመጠው። በትሪ ተሸፍኖ ፎቅ የሚወጣ ቡና በቀን 30 ስኒ ቢሆን በወር 22,000 ብር ይተርፋል። ለሚያደርሰው ልጅ ደሞዝና ጡረታ 6,660 ብር ቢነሳ 15,300 ይቀራል። የቤቱ ወርሃዊ ትርፍ አሁን 30,800 ብር ገደማ ሆነ። ትሪው የማይመለስ ስኒ እንዳለው ግን መታሰብ አለበት፤ ማታ ፎቅ ለፎቅ እየዞሩ ስኒ መሰብሰብ የሥራው አካል ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ዓመቱ እኩል አይሄድም። የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። ብዙ ሰው በጾም የሚፈራው ማኪያቶ መቆሙን ነው፤ ሂሳቡ ግን ያን ያህል አያስፈራም። ጥቁር ቡና 45 ብር ቢሸጥ፣ ወተት ስለማይገባበት 28 ብር ይተርፋል፤ ከማኪያቶው የሚያንሰው በ4 ብር ነው። ጉዳቱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ከልቡ የሚጾም ሰው እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ምንም አይቀምስም፤ ስለዚህ ትልቁ የጠዋት ግፊያ ይሳሳል፤ የተረፈው ግፊያ ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይከማችና ያው አስራ ሁለት ወንበር አይበቃም። እስላም በሚበዛበት ሰፈር ረመዳን ቀኑን ጭር አድርጎ ማታውን ያደምቃል። ረቡዕና ዓርብ የታዘዘ ወተት ከሌላው ቀን ጋር እኩል ከሆነ የተረፈው እስከ ማግስቱ ይደፋል። ዕቅዱ ውስጥ አንድ አማካይ ወር ብቻ ያስቀመጠ ሰው ለዚህ ዝግጁ አይሆንም፤ ሦስት ወር፣ ማለትም ተራ ወር፣ የጾም ወርና የክረምት ወር ለየብቻ ቢሰላ ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኪሳራው በሰዓት ይቆጠራል። በግፊያ ሰዓት አንድ ሰዓት ማሽኑ ከቆመ 25 ደንበኛ፣ ወደ 700 ብር ሄደ ማለት ነው። ጀነሬተር የሚያዋጣው መጥፋቱ ሲደጋገም ብቻ ነው። ብዙ ካፌ በር ላይ ረከቦት ዘርግታ የምትቀመጠው ጀበና ቡና አፊ ለጌጥ ብቻ አይደለችም፤ ከሰል መብራት አይጠብቅም። ሁለት ጀበናና ጥቂት በርጩማ የዕለቱን ሽያጭ በከፊል ያድናሉ። በዚያ ላይ የጀበናው ቡና ወተትም ማሽንም ስለማይፈልግ የሚያወጣው ወጪ ትንሽ ነው።

ይህ ሁሉ ቁጥር ውል ሳይፈረም በፊት መፈተን ይችላል። የሚያስፈልገው ቢበዛ የሦስት ቀን ትዕግሥት ነው፤ አንድ ማክሰኞ፣ አንድ ዓርብና አንድ ቅዳሜ። በሰፈሩ ያለ ተመሳሳይ ካፌ ውስጥ ሻይ አዝዞ፣ በየሩብ ሰዓቱ ስንት ወንበር እንደተያዘና ሰው በአማካይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ በወረቀት መያዝ ነው። ከወንበሩ ብዛት ጋር አባዝቶ የቤቱን የቀን ሽያጭ ከባለቤቱ ሳይጠየቅ መገመት ይቻላል። ደላላው «እዚህ ቀን እስከ ማታ ሰው ነው» ይላል፤ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰውና የሚቀመጠው ሰው ግን አንድ አይደሉም። ከተከፈተ በኋላም የሽያጭ መመዝገቢያው በየሰዓቱ የተሸጠውን ያሳያል። በግፊያ ሰዓት ሽያጩ ለሳምንታት አንድ ቁጥር ላይ ቆሞ ካላለፈ፣ ችግሩ ዋጋም ማስታወቂያም አይደለም፤ መቀመጫው ሞልቷል።

የሚቀረው ኪራዩ ነው። አከራይ 40,000ውን ወደ 50,000 ቢያደርሰው፣ ያን 10,000 ብቻ ለመሸፈን በየቀኑ 14 ተጨማሪ ደንበኛ ያስፈልጋል፤ ወንበሩ ደግሞ ያው አስራ ሁለት ነው። በትሪ የሚወጣው ጭምር ታስቦ በወር የሚተርፈው 30,800፣ ለማሽኑ የሚቀመጠው 7,500 ሲጨመርበት 38,300 ብር ይሆናል። መነሻው 1,350,000 ብር በዚህ ሲካፈል የሚመለሰው በ35 ወር ገደማ ነው፤ ሦስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው። በየዓመቱ የሚታደስ ውል ይዞ ወደዚህ መግባት ማለት፣ ገንዘቡ ሲሶው ብቻ ተመልሶ ከአከራዩ ጋር እንደገና ለድርድር መቀመጥ ነው። ድርድሩ ካልተሳካ ማሽኑ፣ ፍሪጁና አስራ ሁለቱ ወንበሮች መኪና ላይ ይጫናሉ። ለሴራሚክ፣ ለውሃ መስመርና ለመብራት ዝርጋታ የወጣው 220,000 ብር ግን ግድግዳው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ቢያንስ የሦስት ዓመት ውል፣ በዓመት የሚጨመረው ኪራይ ከስንት በመቶ እንደማይበልጥ የሚገልጽ አንቀጽ፣ ቤቱ ቀድሞ ከተፈለገ ደግሞ የእድሳቱ ወጪ በምን ስሌት እንደሚመለስ የሚል አንድ መስመር ቅድሚያ ክፍያው ከመቆጠሩ በፊት ወረቀቱ ላይ መስፈር ይኖርባቸዋል።